የተቀዳ ሌክቸር ግልባጭን ወደ ሥርዓት ያለው ማስታወሻ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ምሳሌያቸውን የሚወስዱት ከአንድ የ50 ደቂቃ የስታቲስቲክስ ሌክቸር ግልባጭ ነው፤ የዕለቱ ርዕስ የቤይዝ ሕግ፣ ማለትም አንድ ውጤት ከታየ በኋላ የአንድን ነገር ዕድል የምናሰላበት ሕግ ሲሆን፣ ዋናው ምሳሌውም የበሽታ ምርመራ ነበር።

ግልባጭን ማጽዳት ከማሳጠር በምን ይለያል?

የሚያሳጥር ሰው መምህሩ ካሉት ውስጥ ዋናውን መርጦ በራሱ ቃል ይጽፋል። የሚያጸዳ ሰው ግን የመምህሩን አካሄድ እንዳለ ይዞ፣ ለጆሮ እንጂ ለዓይን የማይጠቅመውን ብቻ ያነሣል። ልዩነቱ ቶሎ የሚታየው ተሠርተው በታዩ ምሳሌዎች ላይ ነው። የተጨመቀ ማስታወሻ «መልሱ 15 በመቶ ገደማ ነው» ብሎ ያልፋል፤ የጸዳ ማስታወሻ ግን 15 በመቶው ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ቁጥር ለየትኛው እንደተካፈለ፣ መምህሩም በመካከል ለምን አካሄዳቸውን እንደቀየሩ ያሳያል። ከሁለት ወር በኋላ ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ መልሱንማ ከመጽሐፍም ያገኘዋል።

ሥራውን ከየት ልጀምር?

በመጀመሪያ ጥሬውን ግልባጭ በሌላ ስም አስቀምጡና እርሱን ፈጽሞ አትንኩት። ቀጥሎ ቅጂውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቃል ሳትሰርዙ አንብቡት፤ በንባቡ ጊዜ የምታደርጉት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው እያንዳንዱ ምሳሌ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው በየአምስት ደቂቃው ገደማ የድምፁን ደቂቃ በዳር መጻፍ ነው። የደቂቃው ምልክት የሚጠቅመው በኋላ አንድ ቁጥር ሲያጠራጥራችሁ ነው፤ ያለ እርሱ አንዲት «ዘጠና» ለማግኘት 50 ደቂቃ ማዳመጥ ግድ ይሆናል።

ምሳሌዎቹ አስቀድመው መታጠር ያለባቸው፣ ስረዛው በአጥሩ ውስጥና ውጭ የተለያየ ስለሆነ ነው። ከአጥሩ ውጭ እጃችሁ ሊፈጥን ይችላል። በውስጡ ግን እያንዳንዱ ቁጥር፣ እያንዳንዱ «ስለዚህ» እና «ቆይ» ከመሰረዙ በፊት አንድ ጊዜ መታየት አለበት።

ያለ ስጋት የሚሰረዙት የትኞቹ ቃላት ናቸው?

በአማርኛ ንግግር ውስጥ «እ...»፣ «እሺ»፣ «ያው»፣ «መቼስ»፣ «ምን ልበላችሁ» እና «ገባችሁ?» አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ትንፋሽ የሚሰበስቡባቸው ወይም ክፍሉን የሚቃኙባቸው ቃላት ናቸው፤ ቢወጡ የሚጎድል ነገር የለም። ከእነርሱ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ የመምህራን ልማድ አለ፤ ይኸውም ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው የሚመልሱት ጥያቄ ነው። «አንድ ፐርሰንቱ ምን አለበት? በሽታው አለበት» የሚለው ክፍል ውስጥ ተማሪን ያነቃል፣ በጽሑፍ ግን ያሰለቻል፤ ስለዚህ «አንድ በመቶው በሽታው አለበት» ተብሎ ወደ ቀጥታ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል።

ጥንቃቄ የሚሹት ሦስት ናቸው። «ማለት ነው» በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲመጣ በአብዛኛው ልማድ ቢሆንም፣ «ሴንሲቲቪቲ ማለት ከታማሚዎቹ ውስጥ በምርመራው የሚያዙት ድርሻ ማለት ነው» በሚለው ውስጥ ብያኔውን የተሸከመው እርሱ ነው። «እንግዲህ» አንዳንዴ ባዶ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ መምህሩ ከአንድ ንዑስ ርዕስ ወደ ሌላው የተሻገሩበት ብቸኛ ምልክት ስለሚሆን፣ ቃሉን ሰርዛችሁ በምትኩ ርዕስ ታስገባላችሁ።

ሦስተኛውና ከሁሉም አስቸጋሪው «እንትን» ነው። «እንትን» ሲሰረዝ ዓረፍተ ነገሩ የጸዳ ይመስላል፣ ነገር ግን ቃሉ የሚቆመው አንድ ስም በጠፋበት ቦታ ላይ ነው። መምህሩ «የሱን እንትን ስናወጣ» ካሉ፣ የወጣው ነገር ምን እንደሆነ ከቀጣዩ ሐረግ ወይም ከስሌቱ ፈልጋችሁ በቦታው መተካት አለባችሁ። ስለዚህ «እንትን» መቼም አይሰረዝም፤ በስሙ ይተካል እንጂ።

እነዚህን ቃላት በአንድ ጊዜ በ `Ctrl+H` ማጥፋት አይቻልም?

ለጥቂቶቹ ይቻላል፣ ለአብዛኞቹ ግን አይመከርም። «እ» የምትለዋን ፊደል ብቻ ፈልጎ በባዶ እንዲተካ ያዘዘ ሰው «እንዲህ» የሚለውን «ንዲህ»፣ «እኩል» የሚለውን «ኩል» አድርጎ ያገኘዋል። ከኋላዋ ነጠብጣቦቹን ጨምራችሁ «እ...» ብላችሁ ብትፈልጉ የተሻለ ነው፤ ያም ቢሆን እያንዳንዱን አይቶ ማጽደቅ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መተካት አያዋጣም።

ፍለጋው ራሱ የሚሳሳትበት ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ሰው አራት ነጥብን በትክክለኛው ምልክት `።` ሲጽፍ ሌላው ሁለት ሁለት ነጥቦችን አጠገብ ለአጠገብ `፡፡` ያስቀምጣል፤ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። «ሰዓት» የሚለውም በአንዱ ገጽ «ሰዓት»፣ በሌላው «ሰአት» ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ `Ctrl+H` በደንብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ሌላውን ሁሉ ከመንካታችሁ በፊት `፡፡` የሚለውን በ `።` ተኩ፣ ተደጋጋሚ ቃላትንም ወደ አንድ አጻጻፍ አምጡ። ከዚያ በኋላ የምታደርጉት ፍለጋ ሁሉ ይታመናል።

ከርዕስ የወጣ ነገር መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ነገሩ አስቂኝ ወይም የግል ወሬ መሆኑ መለኪያ አይሆንም። የሚሻለው መለኪያ «ይህ ቢወጣ ከኋላ የሚመጣ ነገር ይሰበራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህም ወደ ፊት ማንበብ ያስፈልጋል፤ መምህሩ አንድን ነገር በኋላ «ያልኳችሁ» ወይም «ቅድም ያየነው» ብለው ከጠሩት፣ የመጀመሪያው ቦታ ከርዕስ የወጣ አልነበረም።

በዚህ ላይ የራሴን ስህተት ብናገር ይሻላል። በዚያ ሌክቸር 22ኛው ደቂቃ ላይ መምህሩ ድንገት እናታቸው ምስር ሲለቅሙ የነበረውን ማውራት ጀመሩ። እናቲቱ ከአሥር ድንጋይ ዘጠኙን አይስቱም ነበር፤ ሆኖም ሲቸኩሉ ከመቶ ጥሩ ፍሬ አምስቱን አብረው ይጥላሉ፤ በመጨረሻም የተጣለው ክምር ሲታይ አብዛኛው ድንጋይ ሳይሆን ምስር ሆኖ ይገኛል። እኔ «የልጅነት ትዝታ» ብዬ ሙሉውን ሰረዝሁት። 38ኛው ደቂቃ ላይ ስደርስ ግን መምህሩ «እና አሁን ያንን የተጣለ ክምር አስቡት፤ ከውስጡ ድንጋዩ ስንት ነው?» ሲሉ አገኘኋቸው፣ በእኔ ማስታወሻ ውስጥ ደግሞ ክምር የሚባል ነገር አልነበረም። የምስሩ ወሬ የምርመራውን ምሳሌ በሌላ ልብስ ያቀረበ ነበር፦ ድንጋዩ ታማሚው ነው፣ ምስሩ ጤነኛው፣ የተጣለው ክምር ደግሞ ምርመራው ፖዚቲቭ ያላቸው ሰዎች ስብስብ ነው።

በዚያው ሌክቸር ውስጥ የነበሩት ሌሎች መውጫዎች እንዲህ አያስቸግሩም። የጠዋቱ የመንገድ መጨናነቅ ያለ ጥርጥር ይሰረዛል። ስለ ቶማስ ቤይዝ የተነገረው አምስት ደቂቃ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወርዳል፤ ይኸውም እንግሊዛዊ የሃይማኖት አገልጋይ እንደነበረና ጽሑፉ የታተመው እርሱ በ1761 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ፣ በ1763 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። የፈተና ቀንና የቤት ሥራ ማስታወቂያ ደግሞ አይሰረዝም፣ በትምህርቱ መካከልም አይቀመጥም፤ ከማስታወሻው ራስጌ ላይ ለብቻው ይጻፋል። ይህን የዘነጋ ሰው የክፍል ጓደኞቹ ምን እንደሚሉት ያውቃል።

ተሠርቶ የታየ ምሳሌ እንዴት ይጸዳል?

በተግባር ማየቱ ይሻላል። ጥሬው ግልባጭ እንዲህ ይላል፦

> እሺ፣ እንግዲህ እ... አንድ ሺህ ሰው አለን እንበል ማለት ነው። አንድ ሺህ። ከነሱ ውስጥ አንድ ፐርሰንቱ ምን አለበት? በሽታው አለበት፣ አይደል? ስለዚህ አስር ሰው። ቴስቱ ዘጠና ፐርሰንቱን ይይዛል ብለናል፣ ስለዚህ ዘጠኝ ሰው ፖዚቲቭ ይወጣል ማለት ነው። ቀሪው ዘጠኝ መቶ ዘጠና፣ የዚህ አምስት ፐርሰንት እ... አርባ ዘጠኝ ነጥብ አምስት። ግማሽ ሰው የለም መቼስ። ቆይ፣ አስር ሺህ እናድርገው። አስር ሺህ ከሆነ መቶ ሰው በሽታው አለበት፣ ዘጠናው ፖዚቲቭ። ጤነኛው ዘጠኝ ሺህ ዘጠና... ይቅርታ፣ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ። የሱን እንትን ስናወጣ፣ አምስት ፐርሰንቱን፣ አራት መቶ ዘጠና አምስት። እና ይሄንን ለዚህ ድምር ስናካፍለው ዜሮ ነጥብ አንድ አምስት። አስራ አምስት ፐርሰንት ገደማ። ገባችሁ?

ይህ ንግግር በቅደም ተከተሉ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ችግሩ ግን የተሰጡት ቁጥሮች፣ የተጠየቀው ነገርና አሠራሩ ተደበላልቀው መምጣታቸው ነው። ሌላም ጉድለት አለው፦ የ1፣ የ90 እና የ5 በመቶዎቹ ትርጉም የተነገረው ከዚህ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ነበር፤ «ብለናል» የሚለው ቃል ወደዚያ ይጠቁማል። ስለዚህ ምሳሌው ብቻውን እንዲቆም እነዚያን ቁጥሮች ከነበሩበት አምጥቶ ከራስጌው ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የጸዳው ይህን ይመስላል፦

> ምሳሌ 1፦ የምርመራ ውጤት (ከ19ኛው ደቂቃ ጀምሮ)
>
> የተሰጠ፦ ከሕዝቡ 1 በመቶው በሽታው አለበት። ምርመራው በሽታው ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶውን ፖዚቲቭ ይላል። በሽታው ከሌለባቸውም 5 በመቶውን በስህተት ፖዚቲቭ ይላል።
>
> የተፈለገ፦ አንድ ሰው ፖዚቲቭ ከተባለ በሽታው ያለበት የመሆኑ ዕድል።
>
> አሠራር፦ 10,000 ሰዎችን እንውሰድ። (በ1,000 ሰዎች ብንጀምር በስህተት ፖዚቲቭ የሚባሉት 49.5 ይሆናሉ፤ ሰው በግማሽ ስለማይቆጠር ቁጥሩን ከፍ አደረግን።)
>
> በሽታው ያለባቸው 100 ናቸው፤ ከእነርሱ 90ው ፖዚቲቭ ይባላሉ።
> በሽታው የሌለባቸው 9,900 ናቸው፤ ከእነርሱ 5 በመቶው ማለትም 495ቱ በስህተት ፖዚቲቭ ይባላሉ።
> በጠቅላላው ፖዚቲቭ የሚባሉት 90 + 495 = 585 ናቸው።
> 90 ÷ 585 = 0.154 ገደማ።
>
> መልስ፦ 15 በመቶ ገደማ።

በሁለቱ መካከል የተጨመረ አንድ መስመር እንዳለ ልብ በሉ። መምህሩ «ይሄንን ለዚህ ድምር ስናካፍለው» ሲሉ 585 የሚለውን ቁጥር በአፋቸው አልጠሩትም፤ የደመሩት ሰሌዳው ላይ ነበር። ይህ መስመር ባይጨመር አንባቢው 90 ለስንት እንደተካፈለ ያጣዋል። ለንግግር የማያስፈልግ፣ ለጽሑፍ ግን ግድ የሚሆን እርምጃ ሲገጥማችሁ መጨመር የማጽዳት ሥራው አካል ነው፤ ደንቡ የምትጨምሩት እርምጃ መምህሩ ካሉት ቁጥሮች በቀጥታ የሚወጣ መሆኑ ነው።

መምህሩ ተሳስተው ራሳቸው ሲያርሙ ሁለቱም ይጻፋሉ?

በላይኛው ምሳሌ ሁለት እርማቶች አሉ፤ አያያዛቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። «ዘጠኝ ሺህ ዘጠና... ይቅርታ» የምላስ መንሸራተት ብቻ ስለሆነ የታረመው ቁጥር ይቀራል፣ የተሳሳተው ያለ ምልክት ይጠፋል። ከ1,000 ወደ 10,000 የተደረገው ለውጥ ግን ምክንያት ያለው ለውጥ ነው። ተማሪው ነገ በራሱ ጥያቄ ላይ ሲሠራ ግማሽ ሰው ቢመጣበት ምን እንደሚያደርግ የሚማረው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር በቅንፍ ውስጥ ተቀምጧል።

በጥቅሉ ከእርማቱ አጠገብ ምክንያቱ ከተነገረ ይጠበቃል፤ «ይቅርታ» ብቻ ከሆነ ይሰረዛል።

«ይሄ እዚህ ጋ ሲመጣ» የሚሉ፣ ወደ ሰሌዳ የሚጠቁሙ ንግግሮችን ምን ላድርጋቸው?

የድምፅ ቅጂ ጣትን አይቀዳም። «ይሄ»፣ «ያኛው»፣ «ከላይ ያለው» የሚሉት ቃላት ሁሉ በጽሑፍ ውስጥ ስም ማግኘት አለባቸው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ይገኛል። የሰሌዳው ፎቶ ካለ ከእርሱ ይወሰዳል። ፎቶ ከሌለ ደግሞ ከውጤቱ ወደ ኋላ ይሰላል፤ ለምሳሌ መልሱ 0.15 ከሆነና አካፋዩ ድምር መሆኑ ከተነገረ፣ ቀደም ብለው ከተጠቀሱት ቁጥሮች 90ን ለ90 እና ለ495 ድምር፣ ማለትም ለ585 ማካፈል ይህን ውጤት እንደሚሰጥ ሞክሮ ማረጋገጥ ይቻላል።

በሁለቱም መንገድ ካልተገኘ በግምት አትሙሉት። «[ሰሌዳው ላይ የተጠቆመ፤ 27ኛው ደቂቃ]» ብላችሁ ክፍት ተዉት። ክፍት ቦታ ያየ አንባቢ ሄዶ ይጠይቃል፤ የተሞላ ግምት ያየ አንባቢ ግን አምኖ ያጠናዋል።

ግልባጩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ትክክል መሆናቸውን እንዴት አጣራለሁ?

በእጅ የተጻፈም ሆነ በፕሮግራም የተገለበጠ ጽሑፍ በአማርኛ ቁጥሮች ላይ ደጋግሞ የሚስትበት ቦታ ይታወቃል። «ዘጠኝ» እና «ዘጠና»፣ «ሰባት» እና «ሰባ» በፍጥነት ሲነገሩ ይቀራረባሉ፤ በተለይ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል በ«አ» ሲጀምር መጨረሻቸው ይዋጣል። የነጥብ ቁጥሮችም አደገኛ ናቸው፤ «ነጥብ ዜሮ አምስት» ከተባለው ውስጥ «ዜሮ»ዋ ስትጠፋ 5 በመቶው 50 በመቶ ይሆናል።

እነዚህን በጆሮ ብቻ ለመለየት ከመሞከር ይልቅ ስሌቱን እንደገና መሥራት ይቀላል። በግልባጩ ላይ በስህተት ፖዚቲቭ የሚባሉት «አራት መቶ ዘጠኝ አምስት» ተብሎ ቢገኝ፣ የ9,900ን 5 በመቶ አስልቶ 495 ማግኘት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ስሌቱ የማይገጥም ሲሆን ብቻ ወደ ድምፁ ተመለሱ፤ የዳር ደቂቃዎቹ የሚያስፈልጉት ያን ጊዜ ነው።

የተማሪዎች ጥያቄዎች ይቆዩ ወይስ ይውጡ?

«ድምፅ አይሰማም» እና «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይወጣሉ። የመምህሩን ማብራሪያ ያራዘመ ጥያቄ ግን ከምሳሌው ቀጥሎ ይቀመጣል። በእኛ ግልባጭ አንዲት ተማሪ «ምርመራው 90 በመቶ የሚይዝ ከሆነ ፖዚቲቭ የተባለው ሰው የመታመም ዕድሉ ለምን 90 በመቶ አይሆንም?» ብላ ጠይቃለች። ይህ ምሳሌውን ያነበበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለሆነ መሰረዙ ማስታወሻውን ያጎድለዋል።

ሲጻፍ የጠያቂዋ ስም አያስፈልግም፣ የጥያቄው መንተባተብም አይያዝም። «ጥያቄ» እና «መልስ» ተብሎ በሁለት አጭር አንቀጽ ይቀመጣል። መልሱ ይህ ነበር፦ 90 በመቶው የሚቆጠረው ከ100ዎቹ ታማሚዎች ነው፣ የተፈለገው ዕድል ግን የሚቆጠረው ፖዚቲቭ ከተባሉት ከ585ቱ ነው፤ የክፍልፋዩ ላይ በሁለቱም 90 ሰው ቢሆንም ታቹ ተቀይሯል። የምስሩን ክምር መልሰን የምናስገባውም እዚሁ ላይ ነው፤ መምህሩ በ38ኛው ደቂቃ የመለሱላት በእርሱ ነበርና። አንድ ምሳሌ በሌክቸሩ ውስጥ በሦስት ቦታ ተበታትኖ ሲገኝ በጊዜ ቅደም ተከተል ከመተው በአንድ ቦታ ማሰባሰብ ይሻላል፣ ደቂቃዎቹ በዳር እስከተጻፉ ድረስ።

አማርኛና እንግሊዝኛ ተቀላቅሎ ሲነገር የትኛውን ቃል ልያዝ?

ፈተናው በየትኛው ቋንቋ እንደሚመጣ አስቡና ለሙያ ቃላቱ ያንን ያዙ፤ ማብራሪያው ግን በአማርኛ ይቀጥል። «ፖዚቲቭ» የሚለውን «አዎንታዊ» ብሎ መተርጎም ለምሳሌ ጥሩ ዜና ያስመስለዋል፤ እንዳለ መተው ይሻላል። «ፐርሰንት»ን «በመቶ» ማድረግ ግን ማንንም አያደናግርም። አንዴ የመረጣችሁትን ቃል እስከ መጨረሻው አትቀይሩት።

አደጋው ያለው መምህሩ ለአንድ ነገር ብዙ ስም ሲጠቀሙ ነው። የ90 በመቶውን ቁጥር አንዴ «ሴንሲቲቪቲ»፣ አንዴ «የመያዝ አቅም»፣ አንዴ ደግሞ «አኪዩሬሲ» ብለውታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ወደ አንዱ ይጠቃለላሉ። ሦስተኛው ግን በሙያው ሌላ ትርጉም ያለው ቃል ነው፣ ስለዚህ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይወስደናል።

መምህሩ ራሳቸው ያላረሙት ስህተት ቢገኝስ?

41ኛው ደቂቃ ላይ መምህሩ «የዚህ ቴስት አኪዩሬሲ ዘጠና ነው» ብለዋል። አኪዩሬሲ ግን ከሁሉም ተመርማሪዎች ውስጥ ትክክለኛ ውጤት ያገኙት ድርሻ ነው። በምሳሌው መሠረት ትክክለኛ ውጤት ያገኙት 90 ታማሚዎችና በሽታ የለባችሁም የተባሉት 9,900 − 495 = 9,405 ጤነኞች ናቸው፤ ድምራቸው 9,495 ነው፣ ከ10,000 ሲሰላ 94.95 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ የተባለው ቁጥር ከራሳቸው ምሳሌ ጋር አይገጥምም።

ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ፤ አንዱ ዝም ብሎ ማረም፣ ሌላው ዝም ብሎ እንዳለ መጻፍ ነው። ዝም ብሎ ያረመ ሰው የራሱን አስተያየት የመምህሩ ቃል አድርጎ ያስተላልፋል፣ ምናልባትም የተሳሳተው እርሱ ይሆናል፤ መምህሩ ቃሉን በልቅ አነጋገር ተጠቅመውበት ሊሆን ይችላልና። እንዳለ የጻፈው ደግሞ ስህተት ያዛምታል። የሚሠራው መንገድ የተባለውን ጽፎ ከአጠገቡ በቅንፍ የአጽጂውን ማስታወሻ ማኖር ነው፦

> የምርመራው አኪዩሬሲ 90 በመቶ ነው (41ኛው ደቂቃ)። [የአጽጂው ማስታወሻ፦ በምሳሌ 1 ቁጥሮች ሲሰላ 94.95 በመቶ ይመጣል፤ ሴንሲቲቪቲ ለማለት ይመስላል። መምህሩ ይጠየቁ።]

ቅንፉ የማዕዘን ቅንፍ ይሁን፤ መምህሩ የተናገሩት በክብ ቅንፍ፣ የእናንተ በማዕዘን ቅንፍ ከተለየ አንባቢው ማን ምን እንዳለ አይጠፋውም። መምህሩን ለመጠየቅ ስትሄዱም ሙሉውን ማስታወሻ ሳይሆን ይህችን መስመርና የደቂቃ ቁጥሯን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ በኮሪደር ላይ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መልስ የሚገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። መልሱ ሲመጣ ቅንፉ ይነሣል፣ ዓረፍተ ነገሩም ይስተካከላል።

ማስታወሻው ከመጠን በላይ መጽዳቱን ወይም አለመጽዳቱን በምን ልፈትነው?

በዕለቱ ክፍል ያልነበረ ተማሪ ፈልጉ። የምሳሌውን «የተሰጠ» እና «የተፈለገ» ብቻ አሳይታችሁ አሠራሩን ሸፍኑበት፤ በመጀመሪያ ራሱ ይሞክር፣ ከዚያ ሽፋኑን በየመስመሩ እያነሣችሁ ያንብብ። «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ የቆመበት መስመር ከመጠን በላይ የተሰረዘ ነገር ያለበት ነው፤ ወደ ጥሬው ግልባጭ ተመልሳችሁ በዚያ ቦታ ያለውን እዩ። ሳያነብ በዓይኑ የዘለለው አንቀጽ ካለ ደግሞ ገና ያልጸዳው ያ ነው። የእኔን ማስታወሻ ያነበበው ልጅ የቆመው በ585 ላይ ነበር፤ የድምሩን መስመር የጨመርሁት ከዚያ በኋላ ነው።